የጨረሱትን ጌም የሚተካ ሲፈልጉ፦ ከዘውጉ ሳይሆን ከአሠራሩ ይነሱ

የእህቴ ልጅ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ካምፓስ ይማራል። ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ታቅፎ መጣና «ጋሼ፣ ጨረስኩት» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ግን የጨረሰ ሰው ደስታ አልነበረም። የጨረሰው በመደብሮች መፈለጊያ Into the Breach ተብሎ የሚጻፈውን፣ ሰብሴት ጌምስ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ኢንቱ ዘ ብሪችን ነው። አራቱንም ደሴቶች በከባዱ ደረጃ አሸንፎ ካበቃ በኋላ ሌሎች ሦስት ጌሞች አውርዶ ሞክሯል፤ ሦስቱንም በሁለተኛው ቀን ትቷቸዋል። ሦስቱም በመደብሩ ገጽ ላይ «በተራ የሚካሄድ ታክቲክ» የሚል መለያ የተለጠፈባቸው፣ ከወደደው ጌም ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ነበሩ። ላወረደበት ዳታ የከፈለው ገንዘብ ለተማሪ ቀላል አልነበረም።

ያን ዕለት ጣና ዳር ካለች አንዲት ቡና ቤት ተቀምጠን ነገሩን ከሥሩ አየነው። ከአጠገባችን ሁለት ሽማግሌዎች በቆርኪ ዳማ ይጫወቱ ነበር፤ ትንሽ ራቅ ብለው ደግሞ ወጣቶች ካርታ ይዘዋል። አንድ ሰው ሁለቱንም «የጠረጴዛ ጨዋታ» ብሎ በአንድ ስም ሊጠራቸው ይችላል፤ ስሙም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ዳማ የሚጫወተው ሽማግሌ ሁሉንም ቆርኪ እያየ «እኔ ይህን ብሠዋ እሱ ያንን ይበላል» ብሎ ወደፊት ይቆጥራል፤ ካርታ የያዘው ወጣት ደግሞ የጓደኛውን ፊት እያነበበ ያላየውን ይገምታል። የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ስለሆነ በአንዱ የሚረካ ሰው በሌላው ይረካል ብሎ መደምደም አይቻልም። የጌም መደብሮች መለያም እንደዚሁ ነው፤ ጌሙ ከሩቅ ምን እንደሚመስል ይነግራል እንጂ ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ተራ ጭንቅላቱን በምን ላይ እንደሚያውለው አይነግርም።

ከዚህ በታች የማቀርበው ከእህቴ ልጅ ጋር የሄድንበትን መንገድ ነው። በአንድ ጌም ላይ ብቻ ተመሥርቼ የማስረዳው አውቄ ነው፤ አንዱን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ተከትለው ካዩት፣ ለእርስዎ ጌም እንዴት እንደሚሠሩበት ራሱ ይገለጥልዎታል።

መጀመሪያ፦ ትዝታው ሳይቀዘቅዝ አንድ ተራ ይጻፉ

ጌሙን ከጨረሱ ቀናት ከማለፋቸው በፊት መልሰው ይክፈቱትና አንድ ፍልሚያ ብቻ ይጫወቱ። በዚህ ጊዜ የሚጫወቱት ለማሸነፍ ሳይሆን ለመመዝገብ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ አጠገብዎ አስቀምጠው፣ በአንድ ተራ ውስጥ ዓይንዎ ያየውን፣ ሐሳብዎ ያመዛዘነውንና እጅዎ ያደረገውን በቅደም ተከተል ይጻፉ። ዋናው ደንብ በግሥ መጻፍ ነው። «ግራፊኩ አሪፍ ነው» ወይም «ስትራቴጂ አለው» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ወደ ሌላ ጌም አይመሩም፤ «አየሁ፣ ቆጠርኩ፣ ገፋሁ፣ ሠዋሁ» የሚሉት ግን ይመራሉ።

የእህቴ ልጅ የጻፈው ተራ ይህን ይመስላል። ሜዳው ስምንት በስምንት ካሬ ነው፤ በእጁ ያሉት ሦስት ግዙፍ የብረት ተዋጊዎች ናቸው። ከጠላት ነፍሳቱ አንዷ፣ ፋየርፍላይ የምትባለው፣ ሰዎች ወደሚኖሩበት ሕንፃ አነጣጥራለች፤ ጌሙም የምትመታበትን አቅጣጫና ሕንፃው የሚደርስበትን ጉዳት አስቀድሞ በምልክት አሳይቷል። ልጁ ፋየርፍላይዋን በአንድ ተራ መግደል አይችልም፤ ጤናዋ 3 ሲሆን የመድፉ ጉዳት 1 ብቻ ነው። ነገር ግን መድፉ የመታውን ነገር አንድ ካሬ ይገፋል፤ የተገፋ ጠላት ደግሞ ያነጣጠረበትን አቅጣጫ ሳይለውጥ ከአዲሱ ቦታው ይተኩሳል። ስለዚህ ከጎን መትቶ ወደሚቀጥለው መስመር ገፋት፤ በዚያ መስመር ላይ ጊንጥ የምትመስል ሌላ ጠላት ቆማ ስለነበር የጠላት ጥይት ጠላትን መታ። ሕንፃው ተረፈ።

ይህን ሲጽፍ ገጹ ላይ የተገኙት ግሦች አምስት ነበሩ፤ ጠላት ሊያደርግ ያሰበውን አነበብኩ፣ ልገድለው እንደማልችል ቆጠርኩ፣ ገፋሁት፣ ጉዳቱን ወደ ሌላ አዛወርኩ፣ ከመወሰኔ በፊት ውጤቱን አወቅሁ። «ጦርነት» ወይም «ሮቦት» የሚል ቃል ከአምስቱ ውስጥ እንደሌለ ልብ ይበሉ።

ቀጥሎ፦ አንድ አንዱን እያነሱ ይሞክሩት

የተጻፈው ዝርዝር ገና ጥሬ ነው፤ ከአምስቱ የትኛው ምሰሶ፣ የትኛው ማስጌጫ እንደሆነ አልተለየም። የሚለየው በሐሳብ አንድ ነገር ከጌሙ ላይ እያነሱ «አሁንም እጫወተው ነበር ወይ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

በመጀመሪያ መልኩን ያንሱ። የብረት ተዋጊዎቹ በጣና ላይ የሚቀዝፉ ታንኳዎች ቢሆኑ፣ ነፍሳቱም ጉማሬዎች ቢሆኑ፣ ሕንፃዎቹም የደሴት ገዳማት ቢሆኑ፣ የጨዋታው ሕግ ግን ምንም ሳይነካ እንዳለ ቢቀጥል ይጫወተው ነበር? ልጁ ሳያመነታ «እንዲያውም በደንብ» አለ። ስለዚህ የሮቦትና የመጻተኛ ጌሞችን መፈለግ ዋጋ የለውም። እርስዎ በዚህ ጥያቄ ላይ «አይ፣ ያን ዓለም ካጣሁት ጌሙ ሞቷል» ካሉ ግን ይህን መመሪያ እዚሁ ሊያቆሙት ይገባል። የወደዱት ታሪኩን፣ ሙዚቃውን ወይም ገጸ ባሕርያቱን ከሆነ አሠራርን ማነጻጸር ወደ ትክክለኛው ቦታ አያደርስዎትም፤ የተሻለው መንገድ የደራሲውን ወይም የሙዚቀኛውን ሌሎች ሥራዎች መከተል ነው።

ሁለተኛ፣ የጠላትን ሐሳብ ማየቱን ያንሱ። ሁሉም ነገር እንዳለ ሆኖ ጠላት ማንን እንደሚመታ እስኪመታ ድረስ ባይታወቅስ? ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ያኔ ግምት ብቻ ይሆናል፤ አልፈልገውም» አለ። ይህ ምሰሶ ነው። ሦስተኛ፣ የመምታቱን እርግጠኝነት ያንሱ፤ መድፉ ከመቶ ስልሳ አምስት ጊዜ ብቻ ቢመታስ? ይህንንም አልፈለገም። አራተኛ፣ መግፋትን ያንሱ። እዚህ ላይ መልሱ የተቆረጠ አልነበረም፤ «ይቆጨኛል፣ ግን በሌላ ነገር ቢተካ ምናልባት» አለ። አምስተኛ፣ አጭርነቱን ያንሱ። አንዱ ፍልሚያ ብዙውን ጊዜ አምስት ተራ ያህል ብቻ ስለሆነ በደቂቃዎች ያልቃል፤ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ከአርባ ደቂቃ በላይ አይቆይም። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፍልሚያ በክረምት ባሕር ዳር ላይ የሚጫወት ሰው ሊጨርሰው የማይችለው ፍልሚያ ነው። ይህ የጣዕም ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ቢሆንም ከዝርዝሩ መቅረት የለበትም፤ ብዙ ሰው «ጌሙ ሰለቸኝ» የሚለው ከጊዜውና ከመሣሪያው ጋር ሳይገጥምለት ቀርቶ ነው።

ዕድል ከውሳኔ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነውና። «ዕድል ያለበት ጌም አልወድም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ሁልጊዜ የምጠይቀው ዕድሉ የሚመጣው መቼ እንደሆነ ነው።

ሉዶ ሲጫወቱ ዳዩ መጀመሪያ ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ የወጣውን ቁጥር ይዘው የትኛዋን ጠጠር እንደሚያንቀሳቅሱ ይመርጣሉ። ዕድሉ ከውሳኔው በፊት መጥቷል፤ ውሳኔዎ ራሱ ግን እርግጠኛ ነው፤ ሦስት ቤት እሄዳለሁ ካሉ ሦስት ቤት ይሄዳሉ። በሌላው ዓይነት ጨዋታ መጀመሪያ ይወስናሉ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሉ ውሳኔዎ ይሠራ አይሠራ እንደሆነ ይፈርዳል። ሁለቱም «ዕድል» ይባላሉ፤ በተጫዋቹ ላይ የሚያሳድሩት ስሜት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የመጀመሪያው እንደ እንቆቅልሽ የሚፈታ ሁኔታ ያቀርባል፤ ሁለተኛው አስቀድሞ መጠንቀቅንና ለክፉው መዘጋጀትን ይጠይቃል።

የእህቴ ልጅ ከተዋቸው ጌሞች አንዱ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስኮም ኢነሚ አንኖውን ነበር። በመለያው ከኢንቱ ዘ ብሪች ጋር መንታ ነው፤ ሁለቱም በካሬ ሜዳ ላይ፣ በተራ፣ በጥቂት ተዋጊዎች፣ ከውጭ የመጣ ጠላትን መመከት ናቸው። ነገር ግን በኤክስኮም ወታደሩ ሊተኩስ ሲል ማያ ገጹ ላይ የሚታየው የመምታት ዕድሉ በመቶኛ ነው፤ ጠላት ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግም አይታይም። የመምታት ዕድላቸው 65 በመቶ የሆነ ሁለት ወታደሮች ቢተኩሱ ሁለቱም የሚስቱበት ዕድል 0.35 ሲባዛ በ0.35፣ ማለትም ከመቶ ወደ 12 ጊዜ ያህል ነው። ይህ ብርቅ ነገር አይደለም፤ በአንድ ምሽት ደጋግሞ ይደርሳል። ኤክስኮምን የሚወዱ ሰዎች የሚወዱት በትክክል ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም ቢስቱ ወዴት እንደሚያፈገፍጉ አስቀድመው ማሰባቸውን ነው። ጌሙ ጥሩ ነው፤ የሚጠይቀው ሥራ ግን ልጁ ከወደደው ሥራ ጋር ተቃራኒ ነው።

ለእውነት ያህል፣ ኢንቱ ዘ ብሪችም ከውሳኔ በኋላ የሚመጣ ዕድል ጭራሽ የለውም ማለት አይቻልም። ሕንፃ ሲመታ አልፎ አልፎ ጉዳቱን የሚቋቋምበት በመቶኛ የተገለጸ ዕድል አለ። ነገር ግን ይህ ዕድል የሚሠራው ለተጫዋቹ በጎ ብቻ ነው፤ የታቀደን እርምጃ አያበላሽም። ስለዚህ ጌሞችን ሲያነጻጽሩ «ዕድል አለው ወይ» ብቻ ሳይሆን «ዕድሉ ዕቅዴን ሊያፈርስ ይችላል ወይ» ብለው ይጠይቁ።

እግረ መንገዴን፣ የአዘጋጁን ስም መከተልም እንደ ዘውጉ ያሳስታል። ሰብሴት ጌምስ ከዚያ በፊት በ2012 እ.ኤ.አ. ኤፍ ቲ ኤል የተባለ የመርከብ ጌም አውጥቷል፤ በጣም የተመሰገነ ነው። ሆኖም ጊዜው የሚሮጥ፣ ተጫዋቹ ሲፈልግ የሚያስቆመው፣ የተተኮሰውም በዕድል የሚስትበት ጌም ስለሆነ ከልጁ ምሰሶዎች አንዱንም አይነካም።

የቀረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት

ምሰሶና ማስጌጫው ከተለየ በኋላ የሚፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የዘውግ ስምም ሆነ የመልክ ቃል አይግባ። ልጁ የጻፈው እንዲህ ነበር፦ «ጠላት በሚቀጥለው ተራ የሚያደርገውን በትክክል እያየሁ፣ ባሉኝ ጥቂት እርምጃዎች ጉዳቱን የምቀንስበት፣ የመረጥኩት ነገር ሳይዛነፍ የሚፈጸምበት፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሊቋረጥ የሚችል ጌም።» ከሥሩ ለብቻው «ቢገኝ ደስ ይለኛል» በሚል «መግፋትና ቦታ ማስለወጥ» ብሎ አሰፈረ።

ምሰሶዎቹ ከሦስት ካልበለጡ ይመረጣል። ስድስትና ሰባት ሲሆኑ የሚገኘው ጌም ራሱ የጨረሱት ጌም ብቻ ይሆናል፤ አንድ ብቻ ሲሆን ደግሞ ግማሹ መደብር ያልፋል።

ዓረፍተ ነገሩን ይዘው ወደ ሌላ መደርደሪያ ይሻገሩ

አሁን ዘውጉን ሙሉ በሙሉ ረስተው፣ ምሰሶዎቹን የሚያሟላ ማናቸውንም ጌም ይቀበሉ። የልጁ ዓረፍተ ነገር ፈጽሞ ወዳላሰበው ቦታ፣ ወደ ካርድ ጌም ወሰደን። በመፈለጊያ Slay the Spire ተብሎ የሚገኘው ስሌይ ዘ ስፓየር ሜዳ የለውም፤ ካሬ የለውም፤ የሚገፋ ነገርም የለውም። ሜጋ ክሪት ያዘጋጀው ይህ ጌም በ2019 እ.ኤ.አ. ተጠናቅቆ ሲወጣ በካርድ ጌሞች ጎራ ነው የተመደበው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጠላት ራስ ላይ በዚህ ተራ የሚያደርገው ነገር በምልክት፣ ጥቃት ከሆነም በቁጥር ይታያል።

አንድ ፍልሚያ በቁጥር እንይ። አይረንክላድ በተባለው ተዋጊ ሲጀመር ያሉት ካርዶች በጠቅላላው አሥር ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 6 ጉዳት የሚያደርሱ አምስት የመምቻ ካርዶች፣ እያንዳንዳቸው 5 ጉዳት የሚከላከሉ አራት የመከላከያ ካርዶች፣ እንዲሁም ባሽ የሚባል 8 ጉዳት የሚያደርስና ጠላትን ለጥቂት ጊዜ የሚያጋልጥ አንድ ካርድ። የተጋለጠ ጠላት በግማሽ የበለጠ ይጎዳል፤ ማለትም የ6 ምት 9 ይሆናል። በየተራው አምስት ካርድ ይወጣል፤ ጉልበቱ 3 ነው፤ ባሽ 2 ጉልበት ሲበላ ሌሎቹ አንድ አንድ ይበላሉ።

ጆ ዎርም የተባለው ጠላት ራሱ ላይ 11 የሚል የጥቃት ምልክት ይዞ ይመጣል። በእጅዎ ሁለት መምቻ፣ ሁለት መከላከያና ባሽ አሉ እንበል። በሁለቱ መከላከያና በአንዱ መምቻ ቢጫወቱ 6 ጎድተው የሚደርስብዎት 1 ብቻ ይሆናል። በሁለቱ መምቻና በአንዱ መከላከያ ቢጫወቱ 12 ጎድተው 6 ይጎዳሉ። ባሽና አንድ መከላከያ ቢጫወቱ ደግሞ 8 ጎድተው እንደዚያው 6 ይጎዳሉ። በመጀመሪያ እይታ ባሽ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ካርዶቹ አሥር ብቻ ስለሆኑና አምስቱ ስለወጡ በሚቀጥለው ተራ የሚመጡት የቀሩት አምስት፣ ማለትም ሦስት መምቻና ሁለት መከላከያ መሆናቸው የታወቀ ነው። ሦስቱን መምቻዎች በተጋለጠው ጠላት ላይ ቢያሳርፉ 27 ይሆናል፤ ከ8 ጋር 35። ባሽን ትተው ከመረጡ 12 ሲደመር 18፣ በድምሩ 30 ነው። በመጀመሪያው ተራ የከፈሉት ጉዳት እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ ምርጫ በአምስት ይበልጣል፤ ይህም የሚታወቀው አንድ ካርድ እንኳ ሳይነካ ነው።

ልጁ ይህን ስሌት ደብተሩ ላይ ሲሠራ ፊቱ ላይ ያየሁት ፋየርፍላይዋን የገፋ ዕለት የነበረውን መመሰጥ ነው። ዕድሉ የሚመጣው ካርዱ ሲወጣ፣ ከውሳኔ በፊት ነው፤ ካርዱ ከተጣለ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተባለው ይፈጸማል። ልዩነት የለም አልልም። በኢንቱ ዘ ብሪች በአንድ ፍልሚያ አንዴ ተራውን ከመጀመሪያው መልሶ መጀመር ይቻላል፤ በስሌይ ዘ ስፓየር የተጣለ ካርድ አይመለስም። ካርዶቹ እየበዙ ሲሄዱም እንደዚህ እንደ መጀመሪያው ፍልሚያ የሚቀጥለውን እጅ በሙሉ ማወቅ አይቻልም። ደግሞም ግማሹ ሐሳብ የሚሄደው ከፍልሚያ ውጭ የትኛውን ካርድ ልጨምር በሚለው ላይ ነው፤ ይህ ልጁ ያልለመደው አዲስ ሥራ ነበር።

ላፕቶፕ የሌለው ሰው በአንድሮይድ ስልክ Hoplite የተባለውን ሆፕላይት ሊሞክር ይችላል። በጣም ትንሽ ጌም ነው፤ በመጀመሪያ በነጻ ይወርዳል። እዚያ ጠላቶቹ በቋሚ ሕግ ይንቀሳቀሳሉ፤ ቀስተኛው በቀጥታ መስመር ብቻ ይወጋል፣ ቦምብ ወርዋሪው የጣለው ቦምብ በሚቀጥለው ተራ ሲፈነዳ የራሱን ወገንም ይጎዳል። ጠላትን ወደ ቀለጠ ድንጋይ መግፋትም አለ። መግፋት ከምሰሶዎችዎ አንዱ ከሆነ ከስሌይ ዘ ስፓየር ይልቅ ይህ ይቀርብዎታል። ለኮምፒውተር ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ታክቲካል ብሪች ዊዛርድስ ጠላትን በመስኮት ገፍትሮ ማስወጣትንና ተራን እንደልብ መልሶ መሞከርን አጣምሮ ይዟል፤ ሆኖም ቦታዎቹ አስቀድመው የተዘጋጁና በታሪክ የተያያዙ ስለሆኑ አንዴ ካለቁ በኋላ እንደ ኢንቱ ዘ ብሪች በየጊዜው አዲስ ሜዳ አያቀርብም።

ከማውረድዎ በፊት በቪዲዮ ይፈትኑት

የጌሙ ማስታወቂያ ቪዲዮ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፤ ቅንጭብጭብ ነውና ውሳኔ አይታይበትም። ያልተቆረጠ፣ አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተጫወተውን ቪዲዮ ይፈልጉና ከሃያኛው ደቂቃ ይጀምሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የማስተማሪያ ክፍል ስለሚሆኑ የጌሙን እውነተኛ መልክ አያሳዩም። ድምፁን ይዝጉት፤ የተጫዋቹ ደስታ ወደ እርስዎ እንዳይጋባ። ዳታ ለመቆጠብ ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ቁጥሮቹና ምልክቶቹ የማይነበቡበት ደረጃ ላይ ከደረሰ ፈተናው ከንቱ ነው።

ከዚያ ተጫዋቹ ሊወስን ሲል ቪዲዮውን ያቁሙት። እኔ አሥር ጊዜ አስቆማለሁ። በእያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ ከምሰሶዎቹ አንዱን ይጠይቁ፤ በልጁ ጉዳይ ጥያቄው «ጠላት ቀጥሎ የሚያደርገውን ከማያ ገጹ ላይ ብቻ አይቼ መናገር እችላለሁ ወይ?» የሚል ነበር። መልሱን ጽፈው ቪዲዮውን ያስቀጥሉና ልክ መሆንዎን ያረጋግጡ። ኤክስኮም ላይ ስንሞክረው ከአሥሩ ሁለቱን ብቻ አገኘ፤ ስሌይ ዘ ስፓየር ላይ ዘጠኙን። ጌሙን ገና ስለማያውቁት አንዳንድ ምልክት ላይገባዎት ይችላል፤ ስለዚህ ሰባትና ከዚያ በላይ ካገኙ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቪዲዮው ሌላ የሚጠቅመው የቅሬታ አስተያየቶችን ማንበብ ነው። ያመሰገነ ሰው «ድንቅ ነው» ብሎ ያልፋል፤ የተከፋ ሰው ግን የከፋውን አሠራር በስሙ ይጠራል። አንዱ ሰው «ፍልሚያው እንቆቅልሽ እንጂ ጦርነት አይመስልም» ብሎ ቢያማርር፣ ይህ ለልጁ ከማንኛውም ምስጋና የበለጠ ጥሩ ዜና ነው።

ሲሞክሩት ከቀድሞው ገጽ ጋር ያስተያዩት

ዲሞ ካለው በዲሞው ይጀምሩ። በስቲም የተገዛ ከሆነ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥና ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውተው ከጠየቁ ገንዘብ የሚመለስበት ደንብ አለ፤ ስለዚህ ፈተናውን በሁለቱ ሰዓታት ውስጥ ማጠናቀቅ ይገባል። በሁለተኛው ሰዓት አጋማሽ ላይ ቆም ብለው እንደ መጀመሪያው ቀን አንድ ተራ በግሥ ይጻፉና ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ቅሬታ ይመጣል፤ መለየት አለባቸው። አንዱ «ምን እንደማደርግ ገና አላውቅም» የሚለው ነው። ይህ የአዲስነት ነው፤ ሦስተኛውን ሙከራ እስኪጀምሩ ይታገሡት። ልጁም በስሌይ ዘ ስፓየር የመጀመሪያ ሁለት ሙከራዎቹ የካርዶችን ትርጉም ከማንበብ በቀር ያደረገው አልነበረም፤ ግሦቹ «አነበብኩ፣ አነበብኩ፣ ሞትኩ» ነበሩ። በሦስተኛው ግን «ቆጠርኩ» የሚለው ተመልሶ መጣ። ሌላው ቅሬታ «ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፣ ግን የማደርገው ነገር አይማርከኝም» የሚለው ነው። ይህ ከትዕግሥት ጋር አይገናኝም፤ ሥራው ራሱ የእርስዎ አይደለም ማለት ነው፤ ይመልሱት።

ሦስተኛ ነገርም ይከሰታል፤ ግሦቹ በሙሉ አንድ ሆነው ሳለ አሁንም የሚሰለች ይሆናል። ያኔ ችግሩ መጥገብ ነው። መቶ ሰዓት የገፋ ሰው የሚቀጥለውን መቶ ሰዓት ወዲያው መግፋት ላይፈልግ ይችላል። ለዚህ የሚረዳው ሁለት ምሰሶዎችን ጠብቆ ሦስተኛውን ሆን ብሎ መለወጥ ነው። ለልጁ ካርድ ጌሙ የሠራለት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ሜዳውና መግፋቱ ሲቀሩ፣ ማየቱና እርግጠኝነቱ ብቻ ተረፉ።

ገጾቹን አይጣሉ። የልጁ ደብተር አሁን ሦስት ገጽ ይዟል፤ በሦስተኛው ገጽ ላይ «ቢገኝ ደስ ይለኛል» ከሚለው ሥር የነበረው «መግፋት» ተሰርዞ በምትኩ «ዛሬ የመረጥኩት ካርድ ከብዙ ፍልሚያ በኋላ ሲጠቅመኝ ማየት» የሚል ተጽፏል። የሚቀጥለውን ፍለጋ የሚጀምረው ከዚያ መስመር ነው።